ADD ወይስ HAAB? በባለሦስትና በባለአራት ፊደል የአየር ማረፊያ ኮዶች መካከል እንዴት ትመርጣላችሁ?

ትኬት ላይ ADD ይላል። የበረራ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ ስትገቡ ደግሞ ከጎኑ HAAB የሚል ሌላ ኮድ ታያላችሁ። ሁለቱም የሚያመለክቱት ቦሌን ነው። ለተሳፋሪ ልዩነቱ ብዙም ግድ አይሰጠውም። የጉዞ ወኪል ቢሮ የሚከፍት፣ የካርጎ መዝገብ የሚያደራጅ፣ የበረራ መተግበሪያ የሚሠራ ወይም ለዲስፓቸርነት የሚማር ሰው ግን የትኛውን ይዞ እንደሚነሳ ቀድሞ መወሰን አለበት። መዝገቡ ከሞላ በኋላ ኮድ መቀየር አድካሚ ነው፤ ስህተቱም ቶሎ አይታይም።

ብዙ ሰው ከሁለቱ ለመምረጥ ሲል የሚያነሳው አንድ ነጥብ አለ። ባለአራት ፊደሉ አገሩን ይናገራል፣ ባለሦስት ፊደሉ አይናገርም። HA ካያችሁ ኢትዮጵያ ነው፣ HK ካያችሁ ኬንያ፣ HE ከሆነ ግብፅ። ADD ግን ስለ አገሩ ምንም አይልም። ይህ እውነት ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ በዚህ ብቻ መወሰን ግን ችግር ያመጣል። ስለዚህ መመዘኛዎቹን እናስቀምጥና ሁለቱንም በእነሱ እንያቸው።

## በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ኮዱን ማን ይቀበለዋል የሚለው ነው። ኮዱ የሚሄደው ወደ ትኬት ሲስተም ነው ወይስ ወደ አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ? ሁለተኛው፣ አገሩን ከኮዱ ማንበብ ያስፈልጋችኋል ወይ? ሦስተኛው፣ ኮዱ ከዓመታት በኋላም ያንኑ ቦታ ይጠቁማል ወይ? አራተኛው፣ የምትፈልጓቸውን ቦታዎች ሁሉ ይሸፍናል ወይ? አምስተኛው ዋጋ ነው፤ ትክክለኛውን ዝርዝር ለማግኘት ምን ያህል ያስወጣል?

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ ሦስተኛው ነው። ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

## ባለአራት ፊደሉ የመልእክት አድራሻ ነው

ባለአራት ፊደል ኮዶችን የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ ነው። ኮዶቹ የተዘጋጁት ለተሳፋሪ ሳይሆን ለቴሌግራፍ መልእክት ነው። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት የበረራ ዕቅዱ፣ ከተነሳ በኋላም የመነሻ ሰዓቱ በመንገዱ ላሉ የቁጥጥር ማዕከላት መድረስ አለበት። ያ መልእክት የሚጓዘው አየር ማረፊያዎችንና የቁጥጥር ማዕከላትን በሚያገናኝ የተለየ የቴሌግራፍ መረብ ነበር። መልእክቱ ከአንዱ ማዕከል ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይሄዳል።

እስቲ የቅብብሎሽ ማዕከል ውስጥ የተቀመጠውን ኦፕሬተር አስቡት። መልእክቱ በተቀዳደ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ተመትቶ ይወጣል። እሱ ጥብጣቡን ቆርጦ ወደ ትክክለኛው መስመር ማስገባት አለበት። የዓለምን አየር ማረፊያ ሁሉ በቃሉ ሊይዝ አይችልም። ሊይዝም አይገባም። የመጀመሪያውን ፊደል አይቶ «ይሄ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ነው» ካለ ይበቃዋል። የቀረውን ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ማዕከል ይጨርሰዋል። እሱ ደግሞ ሁለተኛውን ፊደል አይቶ ወደ ናይሮቢ ወይስ ወደ አዲስ አበባ እንደሚልከው ያውቃል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት የሚያስፈልጉት አገሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ከስልክ ቁጥር ጋር አንድ ነው። +251 የሚለውን ያየ ማዕከል ከኋላ ያለውን ቁጥር ሳያነብ ጥሪውን ወደ ኢትዮጵያ ይመራዋል።

ይህ አሠራር ዛሬም በመልእክቱ አድራሻ ላይ ይታያል። የቦሌ መቆጣጠሪያ ማማ አድራሻ ይህን ይመስላል፦

```
HAABZTZX
```

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ቦታውን ይናገራሉ። ZTZ ማለት የመቆጣጠሪያ ማማው ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው X አድራሻው ስምንት ፊደል እንዲሞላ የገባ ነው። የአየር ሁኔታ መልእክትም በዚሁ ኮድ ይጀምራል። ቅርጹ እንዲህ ነው፣ ቁጥሮቹ ለማሳያ የገቡ ናቸው፦

```
METAR HAAB 120600Z 09008KT 9999 FEW025 18/09 Q1026
```

እንግዲህ አገሩ ኮዱ ውስጥ የገባው መልእክት ለመምራት ስላስፈለገ ነው። ኮዱ የተሠራው አገር ለማሳወቅ ተብሎ አይደለም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወጥመዶቹ ሁሉ የሚመጡት ከዚህ ነው።

## ባለሦስት ፊደሉ ለአገር ቦታ የለውም

ባለሦስት ፊደሉን የሚሰጠው የአየር መንገዶች ማኅበር፣ አያታ ነው። መነሻው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፓይለቶች የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤቱ ለከተሞች የሰጠውን ባለሁለት ፊደል ኮድ ይጠቀሙ ነበር። ሎስ አንጀለስ LA ነበረች። አየር ማረፊያ ሲበዛ ሁለት ፊደል አልበቃ አለ። ሦስተኛ ፊደል ሲጨመር አንዳንዶቹ መጨረሻቸው ላይ X ለጠፉ። LAX እንዲህ መጣ።

ኮዱ የሚያገለግለው ትኬት ለመሸጥ፣ ሻንጣ ላይ ለመለጠፍ፣ ካርጎ ለመመዝገብ ነው። አየር መንገዶች እርስ በርስ በሚላላኩት መልእክት ውስጥም አድራሻው ሰባት ፊደል ነው። ሦስቱ ከተማውን፣ ሁለቱ ክፍሉን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አየር መንገዱን ይናገራሉ። ለምሳሌ ADD ብሎ ጀምሮ ET ብሎ ይጨርሳል። አድራሻው ውስጥ አገር የሚባል ነገር የለም። አየር መንገድ ደንበኞቹን የሚቆጥረው በከተማ ነዋ።

ሌላው ምክንያት ሒሳብ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው። ሃያ ስድስት ፊደል በሦስት ቦታ ሲደረደር 17,576 ጥምረት ይሰጣል። ሁለቱን ፊደል ለአገር ብንሰጥ ለእያንዳንዱ አገር የሚቀረው አንድ ፊደል ነው። ማለትም 26 አየር ማረፊያ ብቻ። ለጅቡቲ ይበቃል። ለኢትዮጵያ ይጠብባል። ለአሜሪካ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። በአራት ፊደል ግን ሁለቱ ለአገር ቢሄዱ እንኳ ሁለት ይቀራሉ፤ ይህም ለእያንዳንዱ አገር 676 ቦታ ነው። ብዙ አየር ማረፊያ ላላቸው ደግሞ ይህም አይበቃም። ስለዚህ አሜሪካ ለዋናው መሬቷ K የሚለውን ፊደል ብቻዋን ያዘች፣ ካናዳ C፣ አውስትራሊያ Y። እኛ H ን ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሌሎችም ጋር እንጋራለን።

አገር የሚለው ነገር ስለሌለ ባለሦስት ፊደሉ ውስጥ ያለው ውድድር ዓለም አቀፍ ነው። ባሕር ዳር BDR ትሆናለች ብላችሁ ብትጠብቁ አታገኙም። BDR አሜሪካ ኮኔክቲከት ውስጥ ያለው የብሪጅፖርት አየር ማረፊያ ነው። ባሕር ዳር BJR ናት። ጎንደርን GON ብላችሁ ብትፈልጉ ደግሞ አሁንም ኮኔክቲከት፣ ግሮተን ትደርሳላችሁ። ጎንደር GDQ ናት። መቀሌ MQX። በባለአራት ፊደሉ ግን ሦስቱም በHA ሥር ስለሆኑ ከኮኔክቲከት ጋር የሚጋጩበት ምክንያት የለም። HABD፣ HAGN፣ HAMK ናቸው፤ ሦስቱንም ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይገምታቸዋል።

## የትኛው ይጸናል?

ብዙ መመሪያዎች «ባለአራት ፊደሉ አይቀያየርም፣ እሱን ተጠቀሙ» ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። ሁለቱም ይቀየራሉ፤ የሚቀየሩበት ምክንያት ነው የሚለያየው። ባለሦስት ፊደሉ የሚናወጠው አየር ማረፊያ ሲዛወር ነው። ባለአራት ፊደሉ የሚናወጠው ድንበር ሲቀየር ነው።

የኢስታንቡልን እንይ። የድሮው አታቱርክ አየር ማረፊያ IST ነበር፣ በባለአራት ፊደል LTBA። አዲሱ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ሲመረቅ ISL የሚል ኮድ ይዞ ጀመረ፣ በባለአራት ፊደል LTFM። ከዚያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 6 ቀን 2019 የመንገደኛ በረራው ሁሉ ወደ አዲሱ ተዛወረ። ያን ጊዜ ባለሦስት ፊደሎቹ ቦታ ተለዋወጡ። IST ወደ አዲሱ ሄደ፣ ISL ወደ አታቱርክ መጣ። LTBA እና LTFM ግን ንቅንቅ አላሉም።

አየር መንገዶቹ ያደረጉት ለራሳቸው ትክክል ነው። ደንበኛው የሚያውቀው IST ን ነው። የትኬት ሲስተሙም፣ ማስታወቂያውም በIST የተሠራ ነው። ለሻጭ IST ማለት «ኢስታንቡል የሚወስዳችሁ ዋናው በር» ማለት ነው፤ በሩ ቦታ ሲቀይር ስሙ አብሮት ይሄዳል። ለተቆጣጣሪ ግን LTBA ማለት የተወሰነ መሮጫ መንገድ፣ የተወሰነ ከፍታ፣ የተወሰነ የአቀራረብ ካርታ ማለት ነው። አስፋልቱ እዚያው እያለ ስሙን ለሌላ መስጠት አደጋ አለው።

አሁን አንድ ሰው ከ2017 እስከ 2020 የአዲስ አበባ–ኢስታንቡል በረራዎችን በIST መዝግቦ ያስቀመጠበትን ሰንጠረዥ አስቡ። ሰንጠረዡ ምንም ስህተት አያሳይም። ኮዱ አንድ ነው። ነገር ግን ከኤፕሪል 2019 በፊት ያሉት መስመሮች በማርማራ ባሕር ዳርቻ ያለውን የድሮ አየር ማረፊያ ነው የሚሉት፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ደግሞ በሰሜን ወደ ጥቁር ባሕር ያለውን። ርቀት ብታሰሉ፣ ከመሬት ላይ መንከባለል እስከ መቆም ያለውን ጊዜ ብታወዳድሩ፣ ሁለት ቦታ አንድ ላይ ተቀላቅሎባችኋል። እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ በረራዎቹን ካርታ ላይ አውጡ። የመንገዱ ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ መግጠም ሲገባው ሁለት ቦታ ከተከፈለ ኮዱ በመካከል ተዛውሯል ማለት ነው።

ዶሃም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሐማድ አየር ማረፊያ ሥራ ሲጀምር DOH የሚለውን ከድሮው ወሰደ። የድሮው ባለአራት ፊደል OTBD ነበር፣ የአዲሱ OTHH። የባሕረ ሰላጤ መስመር የቆየ መረጃ የያዘ ሰው ይህን ቀን ልብ ይበል።

ባለአራት ፊደሉ ደግሞ ጁባ ላይ ተቀየረ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ ከመውጣቷ በፊት ጁባ በሱዳን ፊደል HS ሥር HSSJ ነበረች። ዛሬ HJJJ ናት። አየር ማረፊያው አንዲት እርምጃ አልተንቀሳቀሰም። ባለሦስት ፊደሉ JUB ያኔም አሁንም ያው ነው፤ ስለ አገር ስለማይናገር የአገር ለውጥ አይነካውም። ፕሪስቲናም እንዲሁ ነው። በሰርቢያ ፊደል LYPR የነበረችው ዛሬ BKPR ናት፣ PRN ግን አልተነካም። B በዋናነት የአይስላንድና የግሪንላንድ ፊደል መሆኑን ስታስቡ፣ የመጀመሪያው ፊደል የመልክዓ ምድር ካርታ ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ መተማመን እንደማይቻል ትረዳላችሁ።

ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ባለአራት ፊደልም አንዳንዴ ከባለቤት ወደ ባለቤት ይሄዳል። በርሊን እ.ኤ.አ. በ2020 አዲሱን አየር ማረፊያ ስትከፍት የሾነፌልድ EDDB ለአዲሱ ሆነ። ምክንያቱ አዲሱ የተሠራው ከሾነፌልድ አጠገብ፣ ከመሮጫ መንገዱ አንዱን ወርሶ ስለሆነ ነው። ቦታው ያው ነው ማለት ይቻላል።

## አገሩን ከፊደሉ ማንበብ የት ያሳስታል?

የመጀመሪያው ወጥመድ የአገር ኮድ ከሚባለው ሌላ ዝርዝር ጋር ማምታታት ነው። የኢትዮጵያ የአገር ኮድ ET ነው። የአየር መንገዱም ኮድ ET ነው። አውሮፕላኖቻችን ጭራ ላይም ET ተጽፏል። በባለአራት ፊደል የአየር ማረፊያ ኮድ ግን ET የጀርመን ወታደራዊ ሰፈሮች ነው። UK ብሎ የሚጀምር ካያችሁ ዩክሬን ናት፤ እንግሊዝ EG ናት። SA አርጀንቲና ናት፤ ሳዑዲ OE ናት። አንድ ሰው «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ቁረጥና አገር በሚለው ዓምድ ውስጥ ክተት» የሚል ቀመር ከጻፈ ኪየቭን ብሪታንያ ውስጥ ያገኛታል።

ሁለተኛው፣ አንድ አገር ብዙ ፊደል ሊኖረው ይችላል። K ያላየ ሁሉ አሜሪካ አይደለም ካላችሁ አንኮሬጅ ያመልጣችኋል፤ አላስካ PA ነው። ሃዋይ PH፣ ፖርቶ ሪኮ TJ ነው። ስፔን LE ናት፣ የካናሪ ደሴቶች ግን GC። በተቃራኒው አንድ ፊደል ብዙ አገር ሊይዝ ይችላል። FM ሥር አንታናናሪቮ FMMI አለች፣ የኮሞሮሷ ሞሮኒ FMCH አለች፣ የፈረንሳይዋ ሬዩኒዮን FMEE አለች። ሁለቱ ፊደላት የሚናገሩት የመልእክት ክልልን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክልሉ ከአገር ጋር ይገጥማል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ሦስተኛው አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንን በተለይ የሚያሳስት ነው። እዚያ KIAD እና IAD፣ KJFK እና JFK ስለሚባል «የመጀመሪያውን ፊደል ጣል፣ ባለሦስቱን ታገኛለህ» የሚል ልማድ ይያዛል። ካናዳም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሌላ ቦታ አይሠራም። የቴል አቪቭ ቤን ጉሪዮን LLBG ነው። የመጀመሪያውን L ብትጥሉ LBG ታገኛላችሁ። LBG ፓሪስ ያለው ለ ቡርዤ ነው! ኮዱ እውነተኛ ስለሆነ ሲስተሙ አይቃወማችሁም፣ ዝም ብሎ ይቀበላል። የቤን ጉሪዮን ባለሦስት ፊደል TLV ነው።

በሌላ በኩል፣ የአገር ፊደሉ እንደ ፈጣን ማጣሪያ ይጠቅማል። አላባማ ያለው በርሚንግሃም BHM ነው፣ እንግሊዝ ያለው BHX። የአንድ ፊደል ልዩነት በዓይን ያልፋል። KBHM እና EGBB ን ግን ማንም አያምታታም። ለማረጋገጫ ተጠቀሙበት፤ ለመዝገብ ግን አገሩን ለብቻው ጻፉ።

## በአንድ ገጽ

| መመዘኛ | ባለሦስት ፊደል (አያታ) | ባለአራት ፊደል (ኢካኦ) |
|---|---|---|
| የሚቀበለው | ትኬት፣ ሻንጣ፣ የካርጎ ሰነዱ ኤርዌይ ቢል | የበረራ ዕቅድ፣ የአየር ሁኔታ፣ ተቆጣጣሪ |
| አገር ይናገራል? | አይናገርም | ብዙ ጊዜ፤ ከልዩ ሁኔታዎች ጋር |
| የሚቀየረው | አየር ማረፊያ ሲዛወር | የአገር ይዞታ ሲቀየር |
| የከተማ ኮድ | አለው (LON፣ NYC፣ WAS) | የለውም |
| ትናንሽ ማረፊያዎች | መደበኛ በረራ ከሌለ ብዙ ጊዜ የለም | የተሻለ ይሸፍናል፤ ሁሉን ግን አይደለም |
| ነፃ ምንጭ | አንድ በአንድ መፈለጊያ | የየአገሩ የአቪዬሽን መረጃ መጽሐፍ |

## ለእናንተ የትኛው?

ትኬት ለምትገዙ። ባለሦስት ፊደሉ ይበቃል። ዋጋ ለማወዳደር ደግሞ የከተማ ኮዱን ተጠቀሙ። NYC ብላችሁ ብትፈልጉ JFK፣ LGA እና ኒው ጀርሲ ያለው EWR አንድ ላይ ይወጣሉ። WAS ደግሞ IAD ን እና DCA ን ያመጣል። ባለአራት ፊደሉ ይህ አቅም የለውም፤ እያንዳንዱ ኮድ የአንድ የተወሰነ ቦታ ነውና። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ትኬቱ ላይ የተጻፈው የከተማው ሳይሆን የትኛው አየር ማረፊያ እንደሆነ እዩ።

ለካርጎ ቢሮ። ኤርዌይ ቢሉ የሚሠራው በባለሦስት ፊደል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሰነድ ከሆነ በ071 ይጀምራል፣ ከዚያ ADD ይከተላል። እዚህ ምርጫ የላችሁም። የምትመርጡት ከጎኑ ምን እንደምትጽፉ ነው፤ የከተማውን ስምና አገሩን በፊደል ጨምሩ። ጠረጴዛ ላይ BHM ን እና BHX ን የሚለየው ያ ነው።

ለበረራ ባለሙያና ለተማሪ። ባለአራት ፊደል ብቻ። የበረራ ዕቅድ ቅጽ 13ኛው ሣጥን ላይ መነሻው፣ 16ኛው ላይ መድረሻው የሚገባው በዚህ ነው። ቦታው ኮድ ከሌለው ZZZZ ተጽፎ ስሙ 18ኛው ሣጥን ውስጥ ይብራራል። ባለሦስት ፊደል እዚያ ብትጽፉ ሲስተሙ ይመልሰዋል።

ቤተሰብ ለመቀበል በረራ ለምትከታተሉ። የትኛውም ይሠራል። የአየር ሁኔታውን ሪፖርት ለማየት ብቻ ባለአራቱን ፈልጉ። ዱባይ OMDB፣ ጅዳ OEJN፣ ዋሽንግተን ዳለስ KIAD ነው።

መዝገብ ወይም መተግበሪያ ለምትሠሩ። ሁለቱንም ያዙ፣ አገሩን ግን ከአንዳቸውም አታውጡ። እንዲህ፦

```
iata,icao,iso_country,city
ADD,HAAB,ET,Addis Ababa
TLV,LLBG,IL,Tel Aviv
LPA,GCLP,ES,Gran Canaria
ANC,PANC,US,Anchorage
JUB,HJJJ,SS,Juba
```

መስመሮቹን ከላይ ካለው ጋር አስተያዩዋቸው። ET ከHA ጋር፣ ES ከGC ጋር፣ US ከPA ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቀመር የሚገኝ ነገር አይደለም። የመዝገቡ ዋና ቁልፍ ግን ከሁለቱ አንዱም ባይሆን ይሻላል። የራሳችሁን የማይለወጥ ቁጥር ስጡ። ለሁለቱም ኮዶች «ከመቼ ጀምሮ» እና «እስከ መቼ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨምሩ። እነዚህ ሁለት ዓምዶች ቢኖሩ ኖሮ የኢስታንቡሉም የጁባውም ችግር አይፈጠርም ነበር።

ስለ ወጪ አንድ ነገር ልበል። የሁለቱም ድርጅቶች ሙሉ ዝርዝር በክፍያ ነው የሚሸጠው። ኢካኦ ሰነድ 7910 የሚባለውን ያሳትማል፣ አያታ ደግሞ የራሱን የኮድ ማውጫ። ለትልቅ ኩባንያ ተገቢ ወጪ ነው። ለትንሽ ቢሮ ግን ከourairports.com የሚወርደው airports.csv በቂ መነሻ ነው። ነፃ ነው፤ ሁለቱንም ኮዶች፣ የአገር ኮድና የቦታ መጋጠሚያ ይዟል። በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ስለሆነ የምትሠሩባቸውን ዋና ዋና አየር ማረፊያዎች በየአገሩ የአቪዬሽን መረጃ መጽሐፍ አመሳክሩ። ክፍሉ GEN 2.4 ይባላል፤ የአገሩ ባለአራት ፊደል ኮዶች ከስማቸው ጋር እዚያ ተዘርዝረዋል። ብዙ አገሮች በኢንተርኔት በነፃ ያወጡታል።

ይህን ሥራ አሁን መጀመር ለእኛ የተለየ ምክንያት አለው። ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ አገልግሎት ሲጀምር HA ብሎ የሚጀምር የራሱ ባለአራት ፊደል ያስፈልገዋል፤ HAAB ደግሞ ቦሌ እስካለ ድረስ የቦሌ ነው። ADD ግን እንደ IST ሊዛወር፣ ወይም ቦሌ ላይ ሊቀር ይችላል። ሰንጠረዣችሁ በADD ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ የመጀመሪያው መንገደኛ እዚያ ከማረፉ በፊት የባለአራት ፊደሉን ዓምድና ሁለቱን የቀን ዓምዶች ጨምሩለት።